ብዙ ብድር ሲኖርብን የቱን እናስቀድም?



የዛሬው ርዕሳችን ብድር ስለመውሰድ ሳይሆን የተወሰደውን ስለመክፈል ነው። ምርት ተወቅቶ ሲሸጥ እጃችን ላይ ገንዘብ ይገባል። በዚያው ሰሞን የብድር ተቋሙም፣ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበሩም፣ የከተማው አበዳሪም ይጠብቁናል። ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ብዙዎቻችን ቀድመን የምንከፍለው ደጋግሞ ለጠየቀን ወይም ይበልጥ ለምናፍረው ሰው ነው። ከዚህ የተሻሉ ሁለት የአከፋፈል ዘዴዎች አሉ።

ሁለቱ ዘዴዎች

የመጀመሪያው የበረዶ ኳስ ዘዴ ይባላል። በረዶ በሚከመርባቸው አገሮች ትንሽ የበረዶ ድብልብል በቁልቁለት ላይ ሲንከባለል ሌላውን በረዶ እየሰበሰበ ይተልቃል። በዚህ ዘዴ ከሁሉ አስቀድመን ትንሹን ዕዳ እንዘጋለን። ለእሱ እንከፍለው የነበረውን ገንዘብ ወደሚቀጥለው ትንሽ ዕዳ እናዞራለን፤ እንዲህ እያልን የምንከፍለው አቅም እየጨመረ ይሄዳል።

ሁለተኛው የናዳ ዘዴ ነው። ናዳን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ከላይ ተነስቶ ወደ ታች ይወርዳል። እዚህም ወለዱ ከሁሉ ከፍ ካለው ብድር ተነስተን ወደ ዝቅተኛው እንወርዳለን። ዕዳው ትልቅ ይሁን ትንሽ አናይም፤ የምናየው ወለዱን ብቻ ነው።

በሁለቱም ዘዴዎች አንድ ግዴታ አለ። የመክፈያ ቀኑ የደረሰ ክፍያ ሁሉ በውሉ መሠረት ይከፈላል። ምርጫው የሚመጣው ከዚያ በተረፈው ገንዘብ ላይ ነው። ይህን የዘነጋ ሰው በአንዱ ያተረፈውን በሌላው ቅጣት ይከፍለዋል፤ በቡድን ዋስትና የተበደረ ከሆነ ደግሞ የቡድኑን አባላትም ያስጠይቃል።

በምሳሌ እንየው

አንድ አርሶ አደር ሦስት ብድር አለበት እንበል።

- ከኅብረት ሥራ ማኅበሩ 4,000 ብር፣ ወለዱ በወር 1 በመቶ፣ ማለትም 40 ብር
- ከብድር ተቋም 6,000 ብር፣ ወለዱ በወር 1.5 በመቶ፣ ማለትም 90 ብር
- ከከተማው አበዳሪ 10,000 ብር፣ ወለዱ በወር 5 በመቶ፣ ማለትም 500 ብር

በጥር ወር ጤፉን ሸጦ ለዕዳ የሚሆን 10,000 ብር አገኘ። የመስኖ ሽንኩርቱ በሚያዝያ ሲደርስ ቀሪውን ይከፍላል።

በበረዶ ኳስ ዘዴ ከሄደ በጥር ወር የማኅበሩንና የብድር ተቋሙን ዕዳ ይዘጋል። ከሦስት አበዳሪ አንድ ብቻ ስለቀረው ቀለል ይለዋል። ነገር ግን የአበዳሪው 10,000 ብር እስከ ሚያዝያ ለሦስት ወር 1,500 ብር ይወልዳል።

በናዳ ዘዴ ከሄደ በጥር ወር የአበዳሪውን ዕዳ ይዘጋል። ሁለቱ ይቀራሉ፤ ወለዳቸው በወር 130 ብር፣ በሦስት ወር 390 ብር ነው። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት 1,110 ብር ነው። ሁለቱም መንገዶች የሚያልቁት በሚያዝያ ነው፤ የተለወጠው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። እንዲህ ወለዱ በጣም ሲራራቅ ናዳን ምረጡ።

አሁን ሦስተኛው ብድር በወር 5 በመቶ ሳይሆን 2 በመቶ የሚወልድ ነው እንበል። በበረዶ ኳስ የሦስት ወር ወለዱ 600 ብር፣ በናዳ ያው 390 ብር ይሆናል። ልዩነቱ ወደ 210 ብር ወረደ። እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፦ ሁለት ዕዳ አሁኑኑ መዝጋት 210 ብር ያወጣልኛል ወይ? ማኅበሩ የቀድሞው ሳይከፈል ለዘር መግዣ አላበድርም የሚል ከሆነ፣ ዋስ የሆነው ጎረቤታችሁ ራሱ መበደር አቅቶት ከሆነ፣ ወይም የሦስት ቦታ የመክፈያ ቀን እየተምታታባችሁ ቅጣት ከከፈላችሁ፣ አዎ ያወጣል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ናዳው ይሻላል።

ወለዱን በትክክል ማወቅ

ናዳን ለመምረጥ የየብድሩን ወለድ በአንድ መለኪያ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ ሁሉንም ወደ ወር ቀይሩት። ተቋሙ በዓመት 18 በመቶ ካለ ለ12 አካፍሉት፤ በወር 1.5 በመቶ ነው።

ወለድ የሚል ቃል የሌለው ብድርም ወለድ ሊኖረው ይችላል። በነሐሴ 5,000 ብር ወስዳችሁ በጥር 6,000 ብር የሚያወጣ እህል ልትሰጡ ከተስማማችሁ፣ በአምስት ወር 1,000 ብር ከፈላችሁ ማለት ነው። ይህ በወር 4 በመቶ ነው፤ ከብድር ተቋሙ በእጅጉ ይበልጣል። እህሉን የምትተምኑት በምትሰጡበት ቀን በሚያወጣው የገበያ ዋጋ ነው።

ሌላው ወሳኝ ጥያቄ፦ «ቀድሜ ብከፍል ወለዱ ይቀንስልኛል?» የሚለው ነው። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚሰላ ከሆነ ዕዳው ሲቀንስ ወለዱም ይቀንሳል። በመጀመሪያው ብድር ላይ ለዘመኑ ሁሉ በአንድ ጊዜ የተሰላ ከሆነ ግን ቀድሞ መክፈል ምንም ላያስቀንስ ይችላል። እንዲህ ያለውን ብድር በቀኑ ክፈሉ፤ ትርፉን ገንዘብ ወለዱ ወደሚቀንስ ብድር አዙሩ። መልሱን ከብድር ባለሙያው ጠይቃችሁ በውላችሁ ላይ አረጋግጡ።

ሁሉንም ከፍሎ ባዶ እጅ መቅረት

ከጥር ገንዘብ ላይ ለዘርና ለማዳበሪያ፣ እንዲሁም ለክረምት ቀለብ የሚሆነው ሳይነሳ ሙሉው ለዕዳ ከዋለ፣ ሰውየው በሰኔ ተመልሶ ወደዚያው አበዳሪ ይሄዳል። በጥር የዘጋውን የ5 በመቶ ዕዳ በሰኔ ሊከፍት ነው። ስለዚህ ለዕዳ የሚውለው ይህ ሁሉ ተነስቶ የተረፈው ነው። የእርሻ በሬን ወይም የምትታለብ ላምን ሸጦ መክፈልም ሌላ የገቢ ምንጭ ይዘጋል፤ የወለዱ ቁጠባ ከሚቀረው ገቢ መብለጡ ሳይሰላ አይወሰን።

ዘዴው እየሠራ መሆኑን የምታውቁት በቀላሉ ነው። በየሁለት ወሩ ያለባችሁን ዋና ዕዳ ሁሉ ደምሩ። እየከፈላችሁ ድምሩ ካልቀነሰ፣ ወይ ገንዘባችሁ ወለድ ላይ እያለቀ ነው፣ ወይ ለአንዱ ለመክፈል ከሌላው እየተበደራችሁ ነው። ስትከፍሉ ደረሰኝ ያዙ፤ ዕዳ ሲዘጋም መዘጋቱን የሚገልጽ ወረቀት ጠይቁ።

ለሚቀጥለው ስብሰባ

ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ በአንድ ወረቀት ላይ አራት ነገር ጻፉ፦ የአበዳሪውን ስም፣ ቀሪውን ዕዳ፣ የወሩን ወለድ በብር፣ የመክፈያውን ቀን። መጻፍ የማይችል ካለ ተማሪ ልጁን ያስጽፍ። አንዱ ያላወቀው ብድር በሌላው እጅ ካለ በዚያች ማታ ይውጣ፤ ያልተጻፈ ዕዳ ስሌቱን ሁሉ ያፋልሳል። ወረቀቱን ወደ ማሠልጠኛ ማዕከሉ ይዛችሁ ኑ፤ የአበዳሪውን ስም ለእኛ ማሳየት አይጠበቅባችሁም። ከቀበሌው የልማት ባለሙያ ጋር ሆነን የየአንዳንዳችሁን ልዩነት በብር እናወጣለን፤ የትኛው ዘዴ እንደሚሻላችሁ ያን ጊዜ ራሳችሁ ትወስናላችሁ።