የ180 ብር ጉድለት

ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ውስጥ አንድ ካፌ ብትገቡ ካሸሯ ሒሳብ ለመቀበል ስትዘገይ ታዩ ይሆናል። ሺፍት እየተቀያየሩ ነው። የጠዋቷ ልታስረክብ፣ የከሰዓቷ ልትረከብ ነው። በዚያች አጭር ጊዜ የአንዲት ሠራተኛ ደመወዝም ስምም አብሮ ይመዘናልና ርክክቡ እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ላውጋችሁ።

መጀመሪያ ብሩ ይቆጠር፤ የማሽኑ ሪፖርት ከዚያ በኋላ ይውጣ። መገኘት ያለበትን ድምር አስቀድማ ያየች ካሸር፣ ሳታስበው እስኪገጥምላት ትቆጥራለች። ሁለቱ አብረው ኖቱን በየዓይነቱ ለይተው ይቆጥሩና ድምሩን ጽፈው ይፈርሙበት። ቀጥሎ ኤክስ ሪፖርት ይወጣል። ዜድ ሪፖርት የቀኑን ሽያጭ ስለሚዘጋ የሚወጣው ማታ ነው።

አንድ ሒሳብ እንሥራ። ጠዋት ለመልስ የተሰጠው መነሻ 1,000 ብር ነው እንበል። ሪፖርቱ 14,350 ብር ሽያጭ ያሳያል። ከዚህ ውስጥ በቴሌብር የተከፈለው በካሸሯ መዝገብ 4,940 ብር ነው። ከመሳቢያው ደግሞ ለወተት 480 ብር ወጥቷል፤ ደረሰኙ አለ። ስለዚህ መሳቢያው ውስጥ 9,930 ብር መኖር ነበረበት። የተቆጠረው 9,750 ሆነ። 180 ብር ጎደለ ማለት ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ባለቤት «ከደመወዟ ይቆረጥ» ይላል። ቆይ፣ መጀመሪያ ቁጥሩ ይታይ! የጎደለው ድፍን 100 ብር ቢሆን ኖሮ፣ ባለ 100 ተቀብላ የባለ 200 መልስ ሰጥታ ይሆናል ብለን በጠረጠርን። 180 ግን ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። እንዲህ ያለ ልዩነት ብዙ ጊዜ ሁለት አኃዞች ቦታ ተለዋውጠው መጻፋቸውን ይጠቁማል። መዝገቡ ስልኩ ላይ ከገቡት የቴሌብር መልእክቶች ጋር አንድ በአንድ ሲመሳከር፣ 420 ብር የተከፈለበት ሒሳብ 240 ተብሎ ሰፍሮ ተገኘ። ልዩነቱ 180 ነው። ብሩ ቴሌብር ውስጥ አለ፤ ማንም አልወሰደውም።

ሁሉም ጉድለት እንዲህ አይፈታም። በአንድ ሰው ሺፍት ላይ እየተደጋገመ ከመጣ፣ የተሰረዙ ትዕዛዞችን ከወጥ ቤቱና ከማሽን ቡናው ወረቀት ጋር ማስተያየት የግድ ነው። ካሸሮችም እባካችሁ ጉድለቱን ከጉርሻችሁ አትሙሉት፤ ትርፍ ሲገኝም አታስቀሩት። ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ካልተመዘገቡ ስህተቱ የት እንደተፈጠረ ማወቂያ አይኖርም።

ባለቤቶችም አንድ ነገር እወቁ። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የሥራ ደንብ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ከሌለ፣ ሠራተኛዋም በጽሑፍ ካልተስማማች፣ ከደመወዟ መቁረጥ አይቻልም። ሲቆረጥም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዟ ሲሶ መብለጥ የለበትም።