የሐዘንና የደስታ መልእክት በፈረንሳይኛ፦ ከመርካቶ ወደ ጅቡቲ

የዛሬው ዝግጅት የሚነሣው ከመርካቶ ነው። በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ባሉት የንግድ ፎቆች ውስጥ የሚሠሩ አስመጪዎችና ትራንዚተሮች ዕቃቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚገባላቸው በጅቡቲ ወደብ በኩል ነው። ጅቡቲ በ1977 እ.ኤ.አ. ነጻነቷን ካገኘች በኋላም ፈረንሳይኛን ከዐረብኛ ጋር የመንግሥት ቋንቋ አድርጋ ይዛለች። ስለዚህ የጭነት ሰነድ የሚከታተል የመርካቶ ሠራተኛ ወደቡ ላይ ከምትሠራ ባልደረባ ጋር በፈረንሳይኛ መጻጻፍ ሊኖርበት ይችላል። ነገሩ ለከተማው አዲስ አይደለም፤ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሲደርስ ድርጅቱን የመሩት ፈረንሳውያን ስለነበሩ፣ ቋንቋቸውም አብሮ ገብቶ ነበር።

የኮንቴይነርና የሰነድ ፈረንሳይኛ በልምድ ይለመዳል። ችግር የሚመጣው ያቺ ባልደረባ አባቷ ሲሞቱባት፣ ወይም ሹመት ስታገኝ ነው።

መርካቶ ውስጥ ጎረቤት ሲያዝን ሰው ሥራውን ትቶ ለቅሶ ይደርሳል፤ ድንኳን ውስጥ ይቀመጣል፤ ብዙ ባይናገርም መምጣቱ ራሱ ይቆጠርለታል። ጅቡቲ ላለች ባልደረባ ግን መድረስ አይቻልም። የሚደርሰው ጽሑፉ ብቻ ነው። ፈረንሳይኛው ደግሞ በሁለት አቅጣጫ ሊያስት ይችላል፦ አንዱ ከንግድ ደብዳቤ የተቀዳ ቀዝቃዛ ቃል፣ ሌላው የቅርብ ጓደኛ የሚመስል ከልክ ያለፈ ንግግር ነው።

አንድ ምሳሌ ይታይ። አንድ ወጣት ሠራተኛ ከጅቡቲ ባልደረባው ጋር ሁለት ዓመት በ«ቩ»፣ ማለትም በአክብሮት አጠራር፣ ሲጻጻፍ ቆይቷል እንበል። አባቷ ማረፋቸውን ሰማ። እንዲህ ብሎ ጻፈ፦ «ቦንዡር። ሜ ኮንዶሌያንስ። ዲዩ ኤ ግራን። ፑር ለ ኮንተነር፣ ዠ አታን ታ ሬፖንስ። ኮርዲያልማን።» በአማርኛ «ሰላም፤ ሐዘንሽን እካፈላለሁ፤ እግዚአብሔር ታላቅ ነው፤ ስለ ኮንቴይነሩ መልስሽን እጠብቃለሁ፤ ከአክብሮት ጋር» እንደ ማለት ነው።

ልጁ ክፉ አላሰበም። ጽሑፉ ግን በአራት ቦታ ተሰናክሏል። በ«ቦንዡር» ብቻ ጀመረ፤ ይህ የዕለት ተዕለት ኢሜይል አጀማመር ነው። «ታ ሬፖንስ» ሲል ከ«ቩ» ወደ «ቱ»፣ ከአክብሮት ወደ አንቺታ፣ ሳይታወቀው ዘለለ፤ በሐዘን ሰዓት ይህ ቅርበት ሳይሆን ግድየለሽነት ሊመስል ይችላል። ስለ አባቷ አንድም ቃል አላነሣም። ከሁሉም የሚከፋው ግን ኮንቴይነሩ ነው፤ ሐዘኑ የሥራው መግቢያ ሆኖ ቀረ።

የተስተካከለው እንዲህ ይነበባል፤ ቀስ ተብሎ ስለሚባል መጻፍ የሚፈልግ መከተል ይችላል። «ሼር ማዳም። ሴ ታቬክ ቦኩ ደ ትሪስቴስ ከ ዤ አፕሪ ለ ዴሴ ደ ቮትር ፔር። ዠ ቩ ፕሬዛንት ሜ ሳንሴር ኮንዶሌያንስ፣ ኤንሲ ካ ቮትር ፋሚይ። ቱት ሌኪፕ ሰ ዥዋን ታ ምዋ። አቬክ ቱት ማ ሳምፓቲ።» ትርጉሙ፦ «ውድ እመቤት፤ የአባትዎን ዕረፍት የሰማሁት በታላቅ ሐዘን ነው። ለእርስዎና ለቤተሰብዎ ልባዊ ሐዘኔን እገልጻለሁ። የቢሮአችን ባልደረቦችም ሁሉ ከእኔ ጋር ናቸው። ሐዘንዎን በሙሉ ልብ በመካፈል።»

እዚህ ላይ የአሠራሩ ቁልፍ ይታያል። በፈረንሳይኛ ርቀቱን የሚጠብቁት የመልእክቱ ሁለት ጫፎችና «ቩ» ናቸው፤ ቅርበቱ የሚቀመጠው መሐል ላይ ነው። መሐሉ የሚሞቀው ደግሞ ቃል በማብዛት ሳይሆን ሟቹን በማንሣት ነው። ጸሐፊው ሟቹን አግኝቶ ከሆነ፣ ወይም ልጅቱ ስለ አባቷ ነግራው ከነበረ፣ አንዲት እውነተኛ ዐረፍተ ነገር ልትጨመር ትችላለች፦ «ቩ ማን ናቪዬ ፓርሌ አቬክ ታን ዳፌክሲዮን»፣ «ስለ እርሳቸው በምን ያህል ፍቅር ነግረውኝ ነበር»። ካልነገረችው ግን አይጻፍ። የማያውቁትን ሰው ማሞገስ በየትኛውም ቋንቋ ይታወቃል።

ስለ ስም አንድ ነገር መጨመር ይገባል። በባህላዊው የፈረንሳይኛ ሥርዓት «ሼር ማዳም» ወይም «ሼር ሙስዬ» ከተባለ በኋላ የቤተሰብ ስም አይከተልም። ይህ ለእኛ ምቹ ነው፤ ጅቡታውያንም እንደ እኛ የራሳቸውን፣ የአባታቸውንና የአያታቸውን ስም አከታትለው ስለሚጠሩ፣ የትኛው «የቤተሰብ ስም» ነው የሚል ጭንቀት አይኖርም። በሥልጣን ላይ ላለች ሴት ደግሞ «ማዳም ላ ዲሬክትሪስ» ማለት ይቻላል። ሁለቱ አስቀድመው በስምና በ«ቱ» የሚጠራሩ ከሆነ ግን እንደዚያው ይቀጥሉ፤ በሐዘን ቀን በድንገት ወደ «ቩ» መመለስ ያርቃል።

ሃይማኖትስ? መርካቶ ውስጥ የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ጎረቤት ናቸው፤ «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ወይም «አላህ ይማራቸው» ማለት ለለቅሶ ደራሽ የተለመደ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን የሥራ ቦታ መልእክት የተቀባዩ እምነት ካልታወቀ ሃይማኖትን አያነሣም፤ የጸሎት ቃል አንዳንዱን ሊያስጨንቅ ይችላል። አብዛኛው ሕዝቧ ሙስሊም በሆነችው ጅቡቲ ሁኔታው ይለያል። ባልደረባዋ ራሷ ስለ እምነቷ የምትናገር ከሆነ የአላህን ምሕረት የሚለምን አንድ ሐረግ ተገቢ ነው። ጥርጣሬ ካለ ከላይ የተነበበው ጽሑፍ ያለ ጸሎት ቃል ይበቃል።

ደስታ ሲሆን ጫፎቹ ይላላሉ፤ አሠራሩ ግን አይለወጥም። ያቺው ባልደረባ የክፍል ኃላፊ ሆና ብትሾም እንዲህ ይባላል፦ «ሼር ማዳም። ቱት ሜ ፌሊሲታሲዮን ፑር ቮትር ኖሚናሲዮን። ዠ ቩ ስዌት ቦኩ ደ ሱክሴ ዳን ቮ ኑቬል ፎንክሲዮን። ቢየን ኮርዲያልማን።» «ስለ ሹመትዎ እንኳን ደስ ያለዎ፤ በአዲሱ ሥራዎ ስኬትን እመኛለሁ» ማለት ነው። እዚህም መሐል ላይ አንድ እውነተኛ ነገር ይግባ፦ ሰነድ ጠፍቶ ሳለ እርሷ ያገኘችበት ቀን፣ በዕረፍት ቀኗ የመለሰችው ስልክ። «ብራቮ!» ብሎ በቃለ አጋኖ መጨረስ ለእኩያ ይሆናል፤ ለአለቃ ግን ተማሪን የሚያደንቅ መምህር ያስመስላል። በዚሁ መልእክት ውስጥ ውለታ መጠየቅም ደስታውን ወደ ጥያቄ ይለውጠዋል።

ወደ ኮንቴይነሩ ስንመለስ፣ ሥራው መቆም የለበትም። ልጁ የሐዘን መልእክቱን ከላከ በኋላ ስለ ጭነቱ ለእርሷ ሳይሆን ለቢሮዋ ሌላ ባልደረባ፣ በሌላ ኢሜይልና በሌላ ርእስ ይጽፋል። ወደ ሥራ ስትመለስ የሚጽፍላት የመጀመሪያ መልእክት በ«ኮማን ታሌ ቩ» የሚጀምር ተራ ሰላምታ ባይሆን ይመረጣል፤ «ዠ ቩ ስዌት ቦን ኩራዥ ፑር ላ ረፕሪዝ»፣ «ለሥራ መመለሱ ብርታቱን ይስጥዎ» የምትለው አንዲት መስመር ትቅደም፤ የሰነዱ ጉዳይ ከዚያች መስመር ቀጥሎ ይምጣ።