ሁለት ትራስ ብንቀንስስ?

በአባላት ስብሰባ ላይ የግንባታ ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ዛሬ የምንነጋገረው ግሸን ላይ ልንሠራ ስላሰብነው የእንግዳ ማረፊያ ክፍል ጣራ ነው። መስከረም 21 ለግሸን ማርያም በዓል የሚመጣው ሕዝብ ለማደሪያ ምን ያህል እንደሚቸገር ሁላችንም እናውቃለን። ክፍሉ ወርዱ 6 ሜትር፣ ርዝመቱ 9 ሜትር ነው። ግድግዳው የባሕር ዛፍ ቋሚና ጭቃ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ይሆናል። አናጢያችን ሁለት ዋጋ አቅርበውልናል፤ አንደኛው ሰባት ትራስ ያለው ነው፣ ሁለተኛው አምስት። ብዙዎቻችሁ «አምስት ከበቃ የሁለቱን ገንዘብ ለምን አናተርፍም?» ብላችኋል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን በገንዘብ ብቻ ሳይሆን በእንጨቱ ሥራ እናሳያችሁ።

ትራስ ስንል ራሳችንን የምናሳርፍበትን ማለታችን አይደለም። አናጢዎች ትራስ የሚሉት የጣራውን ሦስት ማዕዘን ነው። ሁለቱ ወራጆች ከግድግዳ እስከ ጣራው አናት ይወጣሉ። ከታች አንድ አግዳሚ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ይዘረጋል። መሐል ላይ አጭር ቋሚ ይቆማል፤ ከእርሱ እግር ተነስተው ወራጆቹን በወገባቸው የሚደግፉ ሁለት ሰያፍ እንጨቶችም አሉ። ለወራጆቹና ለአግዳሚው 12 ሴንቲ ሜትር፣ ለውስጦቹ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የተላጠና የደረቀ ባሕር ዛፍ ይበቃል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር ሚስማሩ ይላላል።

ወራጆቹ ክብደት ሲያርፍባቸው እግራቸው ወደ ውጭ ሊንሸራተትና ግድግዳውን ሊገፋ ይፈልጋል። አግዳሚው ሁለቱን እግሮች ይዞ ያስቀራቸዋል። ስለዚህ አግዳሚው የሚሠራው እንደተወጠረ ገመድ ነው። ረጅም እንጨት ካልተገኘና መቀጠል ካስፈለገ ጫፍ ለጫፍ ገጥሞ መቸንከር አይሆንም፤ ግራና ቀኙን በጣውላ አጅቦ በሁለቱም ጫፍ ላይ አጥብቆ ማሰር ያስፈልጋል።

የጣራው ከፍታ ከአግዳሚው በላይ 1 ሜትር እንዲሆን ተስማምተናል። ወደ 50 ሴንቲ ሜትር ብናወርደው በአግዳሚው ላይ ያለው ውጥረት በእጥፍ ይጨምራል፤ ዝናቡም በቆርቆሮው መደራረቢያ በኩል ወደ ውስጥ ሊመለስ ይችላል። ወደ 1 ሜትር ተኩል ብናወጣውስ? በሁለቱም ወገን ለክፈፉ 50 ሴንቲ ሜትር ስለምንጨምር የወራጁ ርዝመት ከ3 ሜትር ከ90 ያልፋል። ባለ 2 ሜትር ቆርቆሮ ሁለቱ ሲደራረቡ ይህን አይሸፍኑም፤ ሦስተኛ ረድፍ ያስፈልጋል። በ1 ሜትር ከፍታ ግን ወራጁ 3 ሜትር ከ70 ያህል ነው፤ ሁለት ቆርቆሮ 20 ሴንቲ ሜትር ተደራርበው በልክ ይሸፍኑታል። እውነተኛው ቁጠባ ያለው እዚህ ነው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንምጣ። 9 ሜትሩን በአንድ ሜትር ተኩል ስንከፍለው ስድስት ክፍተት ይወጣል፤ ስድስት ክፍተት ደግሞ ሰባት ትራስ ይፈልጋል፣ መጀመሪያውም መጨረሻውም ስለሚቆጠር። አምስት ትራስ ከሆነ ክፍተቱ 2 ሜትር ከ25 ይሆናል። በትራሶቹ ላይ ተጋድሞ ቆርቆሮው የሚቸነከርበት ሞራሌ ያን ክፍተት መሻገር አለበት። ክፍተቱ በግማሽ ሲጨምር የሞራሌው መጉበጥ በግማሽ አይጨምርም፤ ጭነቱ ያው ሆኖ አምስት እጥፍ ገደማ ይሆናል። በአንድ ሜትር ተኩል አንድ ሴንቲ ሜትር የጎበጠ ሞራሌ በሌላው አምስት ሊጎብጥ ነው። ቆርቆሮው አብሮ ይሰረጉዳል፣ ውኃ ይቋጥራል፣ በሚስማሩ ቀዳዳም ይገባል። ይህን ለማስቀረት ወፍራም ሞራሌ እንግዛ ብንል፣ ከሁለቱ ትራሶች ያተረፍነው እዚያው ያልቃል።

ሌላው ነፋሱ ነው። ግሸን አምባ ነው፤ ከገደሉ ሥር ሽቅብ የሚመጣ ነፋስ ጠርዙ ላይ ሲደርስ ይፈጥናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በዚህ ከፍታ ቆርቆሮውን በካሬ ሜትር ወደ 35 ኪሎ ገደማ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ሊስበው ይችላል። በአንድ ሜትር ተኩል አሰላለፍ አንድ ትራስ የሚሸከመው ጣራ 11 ካሬ ሜትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የሚያነሣው ኃይል ወደ 400 ኪሎ ይጠጋል። እንጨቱ ከነቆርቆሮው በዚያ ስፋት 200 ኪሎ ቢመዝን ነው። የቀረውን 200 ኪሎ በሁለቱ ግድግዳ ያሉት ማሰሪያዎች እኩል ይካፈሉታል። ክፍተቱን ብናሰፋ በእያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ ያለው ጭነት ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

ስለዚህ እያንዳንዱ ትራስ በቋሚ ራስ ላይ እንጂ በመስኮት ላይ እንዳያርፍ ቋሚዎቹን ከመጀመሪያው በአንድ ሜትር ተኩል እንተክላለን። ከላይ ወደ ቋሚው ራስ ቁልቁል የተመታ ሚስማር ከእንጨቱ ጭረት ጋር ስለሚሄድ በቀላሉ ይነቀላል። ትራሱን ከቋሚው ጋር በብረት ማሰሪያ፣ ካልተገኘም በወፍራም ሽቦ ደጋግሞ ጠምጥሞ ማሰር ግዴታ ነው።

ትራሶቹ በትክክል ቆመው ማያያዣ ከሌላቸው ግን እንደተደረደሩ መጻሕፍት አንዱ በአንዱ ላይ ሊተኙ ይችላሉ። ስለዚህ በሁለቱም የቤቱ ጫፎችና በሁለቱም የጣራ ወገኖች ከመጀመሪያው ትራስ ክፈፍ እስከ ሦስተኛው ትራስ አናት ሰያፍ እንጨት ከወራጆቹ ሥር ይቸነከራል። በመሐል ቋሚዎቹ መካከልም በሁለቱ ጫፎች የመስቀል ማያያዣ ይገባል፤ ከታች አንድ ረጅም እንጨት ሰባቱን አግዳሚዎች አያይዞ ከጫፍ ጫፍ ያልፋል። ሥራ ሲቸኩል መጀመሪያ የሚዘለለው ይህ ነው፤ ቆርቆሮው ከለበሰ በኋላ ቀና ብሎ የሚያይ የለምና።

ቆርቆሮው ከመልበሱ በፊት አንድ ቀን ሥራው ይቁም። ከመካከላችን ሦስት ሴቶች ሜትርና ሲባጎ ይዘው ይውጡ። ትራሶቹ ሰባት መሆናቸውን ይቁጠሩ። ሲባጎውን ከመጀመሪያው አናት እስከ መጨረሻው ወጥረው ከመስመር የወጣ እንዳለ ይመልከቱ። በእያንዳንዱ ወራጅ ላይ ሞራሌዎቹ አምስት መሆናቸውንና በ90 ሴንቲ ሜትር መራራቃቸውን ይለኩ፤ ሦስተኛው ሁለቱ ቆርቆሮዎች በሚደራረቡበት ላይ መዋል አለበት። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ይሞክሩ፤ ሰያፎቹም በአራቱም ማዕዘን መኖራቸውን ያረጋግጡ። አንዱ ከጎደለ ቆርቆሮው ከመጋዘን አይወጣም።

ኮሚቴያችን ሰባቱ ትራስ እንዲጸድቅ ይጠይቃል። የቁጥጥሩን ሦስት ሴቶችም ዛሬውኑ እንድትመርጡልን በአክብሮት እንጠይቃለን።