ተራ ሲጠየቅ፦ የሀሽ ቴብልና የሚዛናዊ ዛፍ ታሪክ



ሀሽ ቴብልም ሆነ ሚዛኑን የጠበቀ የፍለጋ ዛፍ ቁልፍ ሲሰጣቸው ከቁልፉ ጋር የተቀመጠውን መረጃ ያወጣሉ። አንድ ቁልፍ ብቻ ስንፈልግ ሀሽ ቴብሉ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል። መረጃውን ሁሉ ወይም ከፊሉን በተራ እንዲያወጡ ስንጠይቃቸው ግን ነገሩ ይለወጣል። ዛሬ የማስረዳው ሐሳብ አንድ ነው፤ ከሁለቱ የቱን እንደምንመርጥ የሚወስነው ተራው መቼና ስንት ጊዜ እንደሚፈለግ ነው። ይህን ለማየት ሁለቱ ለምን እንደተፈጠሩ ማወቅ ይጠቅማል።

በጥር 1953 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም መሐንዲስ ሃንስ ፒተር ሉን በድርጅቱ ውስጥ ባሰራጨው ማስታወሻ አንድ መላ አቀረበ። ቁልፉ በስሌት ወደ ቁጥር ይለወጥ፣ ቁጥሩም መረጃው የሚቀመጥበትን ሳጥን ያመልክት፤ ሁለት ቁልፎች አንድ ሳጥን ላይ ከተገናኙ በሰንሰለት ይያያዙ። ፍለጋው ከመጀመሪያው ቁልፍ ተነሥቶ ወደ መጨረሻው መሄዱ ቀረና በአንድ ስሌት ቀጥታ ወደ ቦታው መድረስ ተቻለ። ይህ ፍጥነት የራሱ ዋጋ አለው። ሳጥኖቹ እኩል እንዲሞሉ ስሌቱ ተቀራራቢ ቁልፎችን ሆን ብሎ ይበታትናል። ተራው የጠፋው በስህተት አይደለም፤ ፍጥነቱ የተገኘው ተራውን በማፍረስ ነው።

የፍለጋ ዛፍ በተቃራኒው ተራን ይጠብቃል። ከእያንዳንዱ ኖድ በስተግራ የሚያንሱት፣ በስተቀኝ የሚበልጡት ቁልፎች ይቀመጣሉ። ችግሩ ቁልፎቹ አስቀድመው ተደርድረው ሲመጡ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቁልፍ ከፊተኛው በስተቀኝ ይንጠለጠልና ዛፉ ቅርንጫፍ የሌለው ረጅም ገመድ ይሆናል። መዝገበ ቃላትን ከሀ ጀምሮ በተራ የሚያስገባ ሰው የሚገጥመው ይኸው ነው፤ 100,000 ቃላት 100,000 እርከን ጥልቀት ያለው ዛፍ ይሠራሉ።

መፍትሔው በ1962 እ.ኤ.አ. ከሶቪየት ኅብረት መጣ። ጆርጂ አደልሰን-ቬልስኪና ዬቭጌኒ ላንዲስ የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንት፣ በማንኛውም ኖድ ግራና ቀኝ ያሉት ንዑስ ዛፎች ቁመት ከአንድ በላይ እንዳይለያይ ደነገጉ። ልዩነቱ ሲያልፍ ጥቂት ማያያዣዎችን በማዞር ሚዛኑ ይመለሳል። በዚህ ሥርዓት 100,000 ቁልፎች የያዘ ዛፍ ቢበዛ 23 እርከን ብቻ ይኖረዋል። በ1978 እ.ኤ.አ. ሊዮ ጊባስና ሮበርት ሴጅዊክ ዛሬ በብዙ ቋንቋዎች መደበኛ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ የምናገኘውን ቀይ-ጥቁር ዛፍ አቀረቡ። እሱ ሚዛኑን ትንሽ ላላ አድርጎ ይጠብቃል።

አሁን ያንኑ መዝገበ ቃላት በሥራ ላይ እንየው። አንባቢው በሰ ቤት የሚጀምሩትን ቃላት ሁሉ በፊደል ተራ ማየት ፈለገ፤ ቃላቱም 3,000 ናቸው እንበል። በዩኒኮድ የሰ ቤት ፊደላት ተከታትለው ይቀመጣሉ፣ ቀጥሎም ሸ ይመጣል። ስለዚህ በጃቫ፣ በዛፍ ላይ በተሠራው `TreeMap` ጥያቄው ይህን ያህል አጭር ነው፦

```
words.subMap("ሰ", "ሸ")
```

ዛፉ ከላይ ተነሥቶ ከአርባ ባነሰ ንጽጽር ወደ ክልሉ መጀመሪያ ይወርዳል፤ ከዚያ 3,000ውን ቃላት ከአንዱ ወደ ቀጣዩ እያለፈ ያወጣል። የቀሩትን 97,000 ቃላት ማየት አያስፈልገውም። ሀሽ ቴብሉ ግን የሰ ቤት ቃላት የት እንዳሉ ስለማያውቅ 100,000ውንም መርምሮ የተገኙትን መደርደር አለበት።

ይህ ማለት ተራ በተፈለገ ቁጥር ዛፍ ይመረጣል ማለት አይደለም። ሥራችን ቃላትን መቁጠርና በመጨረሻ አንድ ጊዜ በተራ ማተም ብቻ ከሆነ፣ በሀሽ ቴብል ቆጥሮ መጨረሻ ላይ መደርደር ይሻላል። 100,000 ቃላትን መደርደር ወደ 1.7 ሚሊዮን ንጽጽር ይጠይቃል፤ ለዛሬ ኮምፒዩተር ይህ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ዛፉ ግን በእያንዳንዱ ቆጠራ ከላይ እስከ ታች ቃላትን እያነጻጸረ፣ በኮምፒዩተሩ ማኅደረ ትውስታ ውስጥ ከተበታተነ ቦታ ወደ ሌላ እየዘለለ ይወርዳል። መረጃው ጨርሶ የማይለወጥ ከሆነ ደግሞ አንዴ የተደረደረ ዝርዝር ከሁለቱም ይቀላል። ዛፉ የግድ የሚሆነው ለውጡና የተራ ጥያቄው ሲፈራረቁ ነው። አዘጋጆች ቃል እየጨመሩ አንባቢዎች በዚያው ሰዓት የሚያገላብጡ ከሆነ፣ ከእያንዳንዱ ጭማሪ በኋላ እንደገና መደርደር ያንን 1.7 ሚሊዮን ንጽጽር ደጋግሞ መክፈል ነው።

ታሪኩም ይህን ምርጫ ሲያስተናግድ ኖሯል። አሌክሳንደር ስቴፓኖቭና ሜንግ ሊ ያዘጋጁት የሲ ፕላስ ፕላስ ቤተ መጻሕፍት በ1994 እ.ኤ.አ. ተቀባይነት ሲያገኝ `map` የተባለው መዋቅር ቁልፎችን በተራ የሚይዝ ነበር። የሀሽ ቴብሉ ሐሳብ ስለዘገየ ወደ ቋንቋው መደበኛ ደረጃ የገባው በ2011 እ.ኤ.አ. `unordered_map` ሆኖ ነው። ፓይተን ደግሞ ከ3.7 ጀምሮ `dict` ቁልፎችን በገቡበት ተራ እንደሚያወጣ ዋስትና ሰጠ። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። የመግቢያ ተራ መረጃው መቼ እንደገባ ይነግረናል እንጂ በፊደል ማን እንደሚቀድም አይነግረንም፤ የሰ ቤትንም ለይቶ አያወጣም።

ከሁሉ የከፋው ግን ተራ የያዘ የሚመስል ሀሽ ቴብል ነው። በጃቫ `HashMap` ውስጥ መጀመሪያ 16 ሳጥኖች አሉ። 1፣ 2 እና 5ን ብናስገባ በቁጥር ተራ ይወጣሉ፤ ፕሮግራመሩም ተራው የተጠበቀ ይመስለዋል። 1፣ 5 እና 17ን ስናስገባ ግን 17 ከ1 ጋር አንድ ሳጥን ላይ ይወድቅና የሚወጣው 1፣ 17፣ 5 ይሆናል። በትንሽ መረጃ ፈተናውን ያለፈው ፕሮግራም ደንበኛው ዘንድ ይበላሻል። የጎ ቋንቋ አዘጋጆች በ2012 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን እትም ሲያወጡ የ`map` ዑደት በየጊዜው ከተለያየ ቦታ እንዲጀምር ያደረጉት ማንም በዚህ እንዳይታለል ነው። ፕሮግራማችሁ በዚህ ወጥመድ ውስጥ እንዳለ ለማወቅ የቁልፎቹን ቁጥርና መጠን አሳድጋችሁ እንደገና ሞክሩት።

ዛፉም የራሱ ወጥመድ አለው። ተራውን የሚያውቀው በምንሰጠው የማነጻጸሪያ ደንብ ብቻ ነው። ሰላምና ሠላም ጎን ለጎን እንዲወጡ ፈልገን ሁለቱን እኩል የሚል ደንብ ብንሰጠው፣ `TreeMap` አንድ ቁልፍ አድርጎ ይወስዳቸውና የኋለኛው ፍቺ የፊተኛውን ይተካል። አንድ ቃል ምንም የስህተት መልእክት ሳይመጣ ይጠፋል። ያስገባናቸውን ቃላት ቆጥረን ከ`size()` ጋር ብናስተያይ ጉድለቱ ወዲያው ይታያል። ትክክለኛው ደንብ መጀመሪያ ሠን እንደ ሰ ቆጥሮ ያነጻጽራል፤ እኩል ከሆኑ ደግሞ በተጻፉበት ፊደል ይለያቸዋል።

ስለዚህ መዋቅር ከመምረጣችሁ በፊት የተራው ጥያቄ ከየት እንደሚመጣ ለዩ። ተራው የመግቢያ ከሆነ ያንን የሚጠብቅ ሀሽ ቴብል ይበቃል። የቁልፍ ተራ ሆኖ በመጨረሻ አንዴ ብቻ የሚፈለግ ከሆነ በሀሽ ቴብል ሰብስቡና ደርድሩ። መረጃው እየተለወጠ ክልል ወይም ቀጣዩን ቁልፍ ደጋግማችሁ የምትጠይቁ ከሆነ፣ አደልሰን-ቬልስኪና ላንዲስ ያስጀመሩትን ሚዛናዊ ዛፍ ያዙ፤ በእያንዳንዱ ፍለጋ የሚጠይቃችሁ የጥቂት እርከኖች ትርፍ ጉዞ ከተደጋጋሚ ድርደራ ያድናችኋል።