ሰንጠረዦቻችን ወደ ፒዲኤፍ ሲለወጡ ለምን ይፈርሳሉ? የዓምድ ስፋትን ስለ መጠበቅ



ንግግሬን የምጀምረው ከአንድ ቁጥር ነው። ቁጥሩ 3200 ነው፤ የእንጦጦ ተራራ ከፍተኛው ስፍራ ከባሕር ወለል በላይ ያለው ከፍታ በሜትር ገደማ ይህን ያህል ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማማክረው አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ ይህ ቁጥር በአንድ ሕዋስ ውስጥ ከላይ «320» ከታች «0» ሆኖ ታትሞ አገኘሁት። ተማሪው ከእንጦጦ እስከ የካ ዋሻ ሚካኤል አካባቢ ያሉትን ዛፎች፣ ማለትም ጥድን፣ ወይራን፣ ኮሶንና ባሕር ዛፍን፣ በአምስት ዓምድ ሰንጠረዥ መዝግቦ ነበር። በላፕቶፑ ላይ ሰንጠረዡ ምንም እንከን አልነበረበትም። ፋይሉን በፍላሽ ይዞ በሰፈሩ ወዳለ የኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄደ፤ እዚያም ፋይሉ በሌላ የጽሕፈት ሶፍትዌር ተከፍቶ ወደ ፒዲኤፍ ተለወጠ። ከፈታኞቹ አንዱ ቁጥሩን 320 ብለው አነበቡት፤ ጥድ በ320 ሜትር ላይ እንዴት ሊበቅል እንደቻለም ጠየቁ። ተማሪው መልስ አልነበረውም፤ እርሱ የጻፈው 3200 ነውና።

ጥፋቱን ብዙዎቻችን የምናሳብበው በፒዲኤፍ ላይ ነው። ይሁን እንጂ ፒዲኤፍ ሰንጠረዥ ሊያፈርስ አይችልም፤ በገጹ ላይ የሚያሰላው የዓምድ ስፋት የለውምና። በፒዲኤፍ ገጽ ላይ ያለው «ይህ ፊደል በዚህ ነጥብ ላይ ይቀመጥ፣ ይህ መስመር ከዚህ እስከዚያ ይሰመር» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ፒዲኤፉ የሚያሳየን ለውጡን ያካሄደው ሶፍትዌር በዚያች ቅጽበት ያየውን ገጽ ነው። መጠየቅ ያለብን እንግዲህ ያ ሶፍትዌር ተማሪው ካየው ገጽ የተለየ ገጽ ለምን አየ የሚለውን ነው።

ምክንያቱ የሁለት ነገሮች መገጣጠም ነው። የመጀመሪያው ዎርድ አዲስ ሰንጠረዥ ሲፈጥር ዓምዶቹ በይዘታቸው ልክ እንዲሰፉና እንዲጠቡ መፍቀዱ ነው። የአማርኛ ቃል በተለመደው አጻጻፍ ከክፍት ቦታ ወይም ከሁለት ነጥብ በቀር በመስመር መጨረሻ የሚቆረጥበት ስፍራ የለውም። በመሆኑም «የተመዘገበበት» የሚል ቃል ያለበት ዓምድ ከዚያ ቃል ስፋት በታች መጥበብ አይፈልግም። ረጃጅም ቃላት ያሉባቸው ዓምዶች ቦታውን ሲሻሙ አጭር ይዘት ያለው ዓምድ ወደ መጨረሻው ጠባብ ልኩ ይገፋል። በተማሪው ሰንጠረዥ የከፍታው ዓምድ ርእስ «ሜ» የሚል አንድ ፊደል ብቻ ስለ ነበር ዓምዱ ለአራት አኃዝ ልክክ ብሎ ቀረ፤ ትርፍ ቦታ አልነበረውም።

ሁለተኛው የፎንት መተካት ነው። ተማሪው የጻፈው በኒያላ ነበር። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጀምሮ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣ ነበር፤ ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን በተጨማሪነት የሚጫን ሆኗል፤ ዊንዶውስ ባልሆኑ ኮምፒውተሮችና በስልኮች ላይ ደግሞ በአብዛኛው አይገኝም። ፎንቱ በሌለበት ሶፍትዌሩ ሳይናገር ሌላ ይተካል። በ12 ነጥብ መጠን የአንዱ ፎንት አኃዝ 6 ነጥብ፣ የሌላው ደግሞ 6.9 ነጥብ ገደማ ይሰፋል ብንል፣ አራት አኃዝ በመጀመሪያው 24፣ በሁለተኛው 27.6 ነጥብ ቦታ ይፈልጋል። ልዩነቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር ጥቂት ቢበልጥ ነው። ነገር ግን የተቀባዩ ሶፍትዌር የዓምዱን ስፋት እንደገና ሳያሰላ ቀድሞ በፋይሉ የተጻፈውን ስለ ወሰደ፣ ያቺ አንድ ሚሊ ሜትር አራተኛውን አኃዝ ወደ ታች ለመጣል በቃች።

መፍትሔው ስፋቱን ለሶፍትዌሩ ግምት መተው ሳይሆን ራስን ወስኖ፣ ትርፍ ቦታ ጨምሮ መጻፍ ነው። ስሌቱን በዚሁ ሰንጠረዥ እንሥራው። የኤ4 ወረቀት ስፋት 21 ሴንቲ ሜትር ነው፤ በግራና በቀኝ 2.5 ኅዳግ ስንተው ለጽሑፍ 16 ሴንቲ ሜትር ይቀራል። ለተራ ቁጥር 1፣ ለአማርኛ ስም 3.5፣ ለሳይንሳዊ ስም 5፣ ለቦታ 4.5፣ ለከፍታ 2 ሴንቲ ሜትር ብንመድብ ድምሩ 16 ይሆናል። ከከፍታው 2 ሴንቲ ሜትር የሕዋሱ የውስጥ ኅዳግ በሁለት ወገን 0.38 ቢወስድ 1.62 ይተርፋል፤ ይህም 46 ነጥብ ገደማ ነው። ሰፊው ፎንት የሚፈልገው ከ28 ነጥብ በታች ስለሆነ ፎንቱ ቢተካም ቁጥሩ አይሰበርም።

በዎርድ ውስጥ ሰንጠረዡን መርጣችሁ በ`Layout` ሥር `AutoFit`ን፣ ከዚያም `Fixed Column Width`ን ንኩ። ቀጥሎ `Table Properties` ከፍታችሁ በ`Table` ገጽ `Options` ውስጥ `Automatically resize to fit contents` የሚለውን ምልክት አንሡ፤ በ`Column` ገጽም የእያንዳንዱን ዓምድ ስፋት በሴንቲ ሜትር ጻፉ። ይህን ስታደርጉ በፋይሉ ውስጥ የሚጻፈው ይህን ይመስላል፦

```
<w:tblLayout w:type="fixed"/>
<w:gridCol w:w="1134"/>
```

1134 የሚለው በነጥብ ሃያኛ የተለካ 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ለዚህ ዘዴ የሚከፈል ዋጋ እንዳለ ግን እወቁ፤ ስፋቱ ከተቆለፈ በኋላ ከዓምዱ የሚረዝም ቃል ሲመጣ ዓምዱ አይሰፋለትም፤ ቃሉ ከመካከሉ ይቆረጣል። ስለዚህ በየዓምዱ ያለውን ረጅሙን ቃል አስቀድማችሁ ፈልጉና በእርሱ ለኩ።

የወረቀት መጠንም ሊዘነጋ አይገባም። ብዙ ኮምፒውተሮች በአሜሪካው ሌተር ወረቀት ተስተካክለው ይመጣሉ፤ ስፋቱ 21.59 ሴንቲ ሜትር ነው። በዚያ ላይ 16.59 ሴንቲ ሜትር የያዘ ቁልፍ ሰንጠረዥ ወረቀቱ ወደ ኤ4 ሲለወጥ ከኅዳጉ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። ስለዚህ ሥራችሁን ስትጀምሩ፣ ሰንጠረዥ ከመሥራታችሁ በፊት፣ ገጹን ኤ4 አድርጉ።

በመጨረሻም ፋይሉን በጻፋችሁበት ኮምፒውተርና በጻፋችሁበት ሶፍትዌር ራሳችሁ ወደ ፒዲኤፍ ለውጡት፤ ወደ ጽሕፈት ቤት የምትወስዱት ፒዲኤፉን እንጂ የዎርዱን ፋይል አይሁን። የዎርዱን ፋይል መስጠት ግድ ከሆነ `File`፣ `Options`፣ `Save` ውስጥ `Embed fonts in the file` የሚለውን ምረጡ፤ ይሁንና የፎንቱ ፈቃድ ሊከለክለው፣ ሌላ ሶፍትዌርም ላያነበው ይችላልና ብቻውን አትመኑት። ፒዲኤፉን ከፍታችሁ በ`Properties` ሥር `Fonts` የሚለውን ተመልከቱ። የጻፋችሁበት ፎንት ስም እዚያ ከሌለ ወይም ያልመረጣችሁት ሌላ የኢትዮጵያ ፊደል ፎንት ከተገኘ መተካት ተካሂዷል ማለት ነው፤ ያኔ ሰንጠረዦቻችሁን አንድ በአንድ ከመጀመሪያው ጋር አመሳክሩ። በተለይ ጠባቡን የቁጥር ዓምድ። የተቆረጠ ቃል አንባቢው ራሱ ያስተካክለዋል፤ የተቆረጠ ቁጥር ግን ሌላ ቁጥር ሆኖ ይነበባል።

ያ ተማሪ ሰንጠረዡን በዚህ መንገድ አስተካክሎ ጽሑፉን በድጋሚ አስገባ። ጥዱም ወደ 3200 ሜትሩ ተመለሰ።