አማካይ ቍጥርን እንደ ገና ሳይደምሩ ስለ ማደስ



መምህር በየቀኑ የሚመጡትን ተማሮች ቈጥሮ በመዝገብ ይጽፋል። በቀን በአማካይ ስንት ተማሪ እንደሚመጣ ሲጠየቅ ግን የቀኖቹን ቍጥር ሁሉ ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደምርና በቀኖቹ ብዛት ያካፍላል። ይህ በ20 ቀን ቀላል ነው፤ በ150 ቀን ግን አድካሚ ከመሆኑም በላይ አንድ ቍጥር ቢዘለል ውጤቱ ይበላሻል። ዛሬ የምነግራችሁ የትናንቱን አማካይ ይዞ የዛሬውን ስለ ማግኘት ነው።

እንግዲህ የ20 ቀን አማካይ 43 ተማሪ ነበረ እንበል። በ21ኛው ቀን ገበያ ስለ ዋለ 22 ብቻ መጡ። በዚህ ጊዜ 43ንና 22ን ደምሮ ለሁለት የሚያካፍል ሰው አይጠፋም፤ እርሱም 32 ተኩል ያገኛል። ነገር ግን አንዱን ቀን ከ20 ቀን ጋራ እኩል መመዘን ስለ ሆነ ሒሳቡ ልክ አይደለም።

ነገሩ እንዲገባን 20 ወንድማማች እያንዳንዳቸው 43 ቁና እህል አላቸው፤ ሌላ ወንድም 22 ቁና ይዞ መጣና ሁሉን እኩል ሊካፈሉ ወደዱ እንበል። የመጣው ሰው ከእነርሱ በ21 ቁና ያንሳል። ጕድለቱን የሚሸከሙት እርሱም ጭምር ሁነው 21 ሰዎች ናቸውና ለእያንዳንዱ አንድ ቁና ይደርሰዋል። 20ዎቹ አንድ አንድ ቁና ቢሰጡት የእርሱ 42 ይሆናል፤ የእነርሱም 42 ይቀራል።

ስለዚህ ደንቡ ይህ ነው፤ በአዲሱ ቍጥርና በቀድሞው አማካይ መካከል ያለውን ልዩነት አዲሱን ቀን ጨምረን በቈጠርነው የቀን ብዛት እናካፍላለን። አዲሱ ቍጥር የሚበልጥ እንደ ሆነ የተገኘውን በቀድሞው አማካይ ላይ እንጨምራለን፤ የሚያንስ እንደ ሆነ ግን እንቀንሳለን። በ22ኛው ቀን 53 ተማሪ ቢመጣ ልዩነቱ 11 ነው፤ ለ22 ሲካፈል ግማሽ ይሆናል፤ አማካዩም 42.5 ነው። በመዝገቡ ጠርዝ የሚጻፉት እንግዲህ ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አማካዩና የቀኑ ብዛት። የቀኑ ብዛት የጠፋበት ሰው አማካዩን ሊያድስ አይችልም።

አንድ ሰው ግን «ተማሪ ግማሽ የለውም» ብሎ ግማሹን ጥሎ 42 ብቻ ይጽፍ ይሆናል። በ23ኛው ቀን 54 ቢመጣ እውነተኛው አማካይ 43 ነው፤ እርሱ ግን 12ን ለ23 አካፍሎ ከአንድ ያነሰ ስለሚያገኝ ያንንም ይጥልና በ42 ይቀራል። ከዚያ በኋላ በየቀኑ 60 ተማሪ ቢመጣ እንኳ 18 ለ24፣ ኋላም ለ25 እየተካፈለ አንድ ሙሉ ከቶ አይሞላምና የእርሱ አማካይ ከ42 አይነቃነቅም። ቀኖቹ በበዙ መጠን የየቀኑ ለውጥ ስለሚያንስ ክፋዩን መጣል አይገባም፤ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ሁለት አኃዝ ይጻፍ።

በየወሩ መጨረሻም አማካዩን በቀኖቹ ብዛት አባዝቶ ከመዝገቡ ሙሉ ድምር ጋራ ማስተያየት ነው። ልዩነቱ ጥቂት ተማሪ ብቻ ከሆነ ከተጣለው ክፋይ የመጣ ነው፤ ብዙ ከሆነ ግን ያልገባ ወይም ሁለት ጊዜ የገባ ቀን ይፈለግ።