ደሞዝ የማይጠይቀው ነጥብ

እሱ፦ አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን «ደሞዜ ጥሩ ነው፣ ክሬዲት ስኮሬ ለምን ወረደ?» ይላሉ።

እሷ፦ ደሞዝማ ውስጡ የለም! ከ300 እስከ 850 የሚሄደው የፋይኮ ነጥብ የሚገምተው ዕዳህን በጊዜው የመክፈልህን ዕድል ነው።

እሱ፦ በሰዓቱ የሚከፍለው ሰውስ ለምን ይወርድበታል?

እሷ፦ የካርዱ ጣሪያ 1,000 ዶላር ሆኖ 900 ተጠቀመ እንበል። ባንኩ አብዛኛውን ጊዜ ለክሬዲት ቢሮዎች የሚልከው ወርሃዊው ሂሳብ ሲዘጋ ያለውን ዕዳ ነው። በማግስቱ ሙሉውን ቢከፍልም የዚያ ወር መዝገብ 90 በመቶ ይላል፤ አበዳሪውም እጁ አጥሮታል ብሎ ያነበዋል።

እሱ፦ ታዲያ መቼ ይክፈል?

እሷ፦ ሂሳቡ ከመዘጋቱ በፊት 800ውን ከከፈለ 10 በመቶ ብቻ ይታያል። ከሁሉ የሚከፋው ግን መዘግየት ነው፤ 30 ቀን ካለፈ መዝገቡ ላይ እስከ 7 ዓመት ይቆያል።